ሰባቱን ቀን ስደምር

የአንድ የባህል ልብስ ቤት የኢንስታግራም ገጽ ላይ እሠራለሁ። ባለቤቷ ሰኞ ሰኞ ትጠይቀኝ የነበረው ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ ገጹ እያደገ ነው ወይስ ቆሟል? ይህን ለመመለስ የተከታዩን ብዛት፣ ሪቹንና ኢንጌጅመንቱን ከስልኬ እያየሁ ጎግል ሺት ላይ በእጄ እገለብጥ ነበር። አንዳንዱን ሳምንት እረሳዋለሁ፣ አንዳንዱን አሳስቼ እጽፋለሁ። ሲሰለቸኝ አፕስ ስክሪፕት ላይ አጭር ኮድ ጽፌ ቁጥሮቹን ከኤፒአይ እያመጣ በየሳምንቱ አንድ መስመር እንዲጨምርልኝ አደረግሁ።

ኮዱ ሠራ። ጥፋቴ የነበረው አጠያየቄ ላይ ነው። ሪቹን በ`period=day` ጠየቅኩና የሰባቱን ቀን ቁጥር በ`SUM` ደመርኩት። ላይክና ኮሜንት ስለሚደመሩ ሪችም የሚደመር መሰለኝ። ሪች ግን የሚቆጥረው ያየንን አካውንት እንጂ የታየንበትን ጊዜ ብዛት አይደለም። ሰኞ ያየችን ደንበኛ ማክሰኞና ሐሙስም ካየችን በየቀኑ ቁጥር ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ትገባለች፤ እኔ ስደምር ያቺ አንዲት ሴት ሦስት ሰው ሆነች።

በዚያ ሰሞን በሳምንት ሁለቴ የነበረውን ፖስት በየቀኑ አድርገነው ነበር። ስሌቱ እንዲቀል ቁጥሮቹን ላጠጋጋቸው። ከለውጡ በፊት በነበረው ሳምንት የኔ ድምር 1,500፣ ላይክ፣ ኮሜንት፣ ሼርና ሴቭ በአንድ ላይ 120 ነበር፤ ይህም 8 በመቶ ነው። ከለውጡ በኋላ ድምሩ 3,000፣ ተሳትፎው 150 ሆነ፤ 5 በመቶ ማለት ነው። ሺቱ የሚለው ግልጽ ነበር፦ የሚያየን ሰው በእጥፍ ጨምሯል፣ ግድ የሚሰጠው ግን ቀንሷል። ባለቤቷም ሰንጠረዡን አይታ «ሰውን እያሰለቸነው ነው መሰለኝ፣ ወደ ድሮው እንመለስ» አለች። እኔም ተስማምቼ ፖስቱን ቀነስኩ።

ስህተቱን ያወቅኩት አንድ ቀን ስልኬ ላይ የገጹን የሰባት ቀን ሪች ከሺቱ ጋር ሳስተያይ ነው። ሺቱ ላይ ያለው ከመተግበሪያው እጅግ ይበልጣል። ያኔ ያለፉትን ሳምንታት በ`period=week` እንደገና ጠየቅኩ፤ ይህኛው በሰባቱ ቀን ውስጥ ያየንን አካውንት ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቆጥረው። የመጀመሪያው ሳምንት 1,200፣ ሁለተኛው 1,250 ሆኖ መጣ። ያው 120 ለ1,200 ሲካፈል 10 በመቶ፣ 150 ለ1,250 ሲካፈል 12 በመቶ ነው። ነገሩ ፈጽሞ ተገለበጠ። አዲስ ሰው ብዙም አልመጣም፣ የነበሩት ግን ደጋግመው አይተውናል፣ የሚሳተፉትም በዝተዋል። ሰንጠረዤን አምና ሥራዋን የቀየረች ሴት ፊት ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

ሳምንታዊውን ቁጥር ስጠይቅ ሌላም ነገር አየሁ። መልሱ በየቀኑ አንድ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ እያንዳንዱ እስከዚያ ቀን ያሉትን ሰባት ቀናት የሚሸፍን ነው። እነዚህንም ከደመሩ ያው ጥፋት ብሶ ይመጣል። የሚያስፈልገኝ እሑድን የሚዘጋው አንዱ ብቻ ነው፣ የሚለየውም በ`end_time` ነው፦

```
"value": 1250,
"end_time": "2025-06-09T07:00:00+0000"
```

ይህ ሰዓት በኛ አቆጣጠር ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ቀኑ የሚዘጋው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ እኩለ ሌሊት ነውና፤ እነሱ ክረምት ሲገባ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ እኛ ዘንድ 5 ሰዓት ይሆናል። የኔ ኮድ ግን ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር የሚነሳው፤ እሑድ ገና ሳያልቅ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ ተጣርቶ እስኪገባ እስከ 48 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። አሁን ኮዱ የሚነሳው ረቡዕ ከሰዓት ነው። ባለቤቷም ጥያቄዋን ወደ ሐሙስ አዛውራልኛለች።

የተከታዩ ብዛት ግን ከሪች የተለየ ጠባይ አለው። `followers_count` የሚሰጠው የዛሬውን ብቻ ነው፤ የዛሬ ወር ስንት ነበር ብለው ቢጠይቁት መልስ የለውም። ስለዚህ በየሳምንቱ ቁጥሩን ከነቀኑ አስቀምጣለሁ፣ ጥሪው ካልተሳካም ክፍሉን ባዶ እተወዋለሁ እንጂ ዜሮም ያለፈውንም ሳምንት ቁጥር አልሞላበትም። ሪቹን ወደኋላ ሄጄ አርሜዋለሁ። በእጄ ስገለብጥ የረሳኋቸው ሳምንታት የተከታይ ቁጥር ግን ከየትም አይመጣም፤ ግራፉ እዚያ ጋ ተቆርጦ ይታያል፣ እኔም በግምት አልቀጥለውም።