ቪዲዮው ሲዘጋ ልጁም ይዘጋል

በብዙ ሙስሊም ቤቶች አሁን ለልጅ ፋቲሓን የሚያስቀራው ስልክ ሆኗል። ቃሪኡ አንድ አያ ይቀራል፣ ዝም ይላል፣ ልጁ ይደግማል። ሰለምቴዎችም ሶላት ለመጀመር ሲቸኩሉ እዚሁ ይሄዳሉ። ዘዴው ግን አዲስ አይደለም። በ1969 የሞተው ግብጻዊ ቃሪእ ሙሐመድ ሲዲቅ አል-ሚንሻዊ ሕጻናት ከኋላው እየደገሙ የቀራው ቅጂ እስከ ዛሬ ይደመጣል።

ዛሬ ከሚዞሩት ቪዲዮዎች ብዙዎቹ የሚሰስቱት ዝምታውን ነው። ልጅ ለመጀመር ትንሽ ያመነታል፣ ከቃሪኡም ቀስ ይላል። ስለዚህ ክፍተቱ ቃሪኡ ከወሰደው ጊዜ ረዘም ማለት አለበት። ካጠረ ቀጣዩ አያ ልጁ ሳይጨርስ ይደርስበታል፤ የቃሉን መጨረሻ እየዋጠ መሮጥ ይለምዳል። 7ኛው አያ ላይ ደግሞ ይባስ፣ ረጅም ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ አይደርስም። መከፈል ያለበት የመጀመሪያው «ዐለይሂም» ላይ ነው። እንዳመቸ የሚቆርጡ አሉ፤ ያን ጊዜ ግን ልጁ የሚይዘው ተንጠልጥሎ የቀረ ቃል ነው።

ከሥር የሚጻፈው የአማርኛ ፊደልም ያታልላል። «ሐምድ» ተብሎ በትክክል ቢጻፍ እንኳ አማርኛ ተናጋሪ ሐ-ን እንደ ሀ ያነበዋል፣ ዐ-ንም እንደ አ። (ትግርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፣ ሁለቱም ድምፆች በአፉ አሉ።) ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስክሪኑን ገልብጦ በጆሮ ብቻ መከተል ይሻላል።

ትልቁ ችግር ግን የሚታየው ስልኩ ሲጠፋ ነው። በቪዲዮው ሰባቱንም አያ አሳምሮ የሚል ልጅ ብቻውን ሲቆም 3ኛውን ጨርሶ ይደርቃል። ለምን? የእያንዳንዱን አያ መነሻ ሁልጊዜ የሰጠው ቃሪኡ ነው። ልጁ አያዎቹን ያውቃል፣ መጋጠሚያቸውን አያውቅም። 7ኛው ላይ «ዐለይሂም» ሁለት ጊዜ ስለሚመጣም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። መድኃኒቱ 1ኛውን ካስደገሙ በኋላ 1ኛና 2ኛን አንድ ላይ፣ ከዚያ 2ኛና 3ኛን አንድ ላይ ማስደገም ነው። በመጨረሻ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ሰጥቶ ዝም ማለት። ወላጅ መፈተን ከፈለገ ከመጀመሪያው አያስጀምር፤ «ከ4ኛው ቀጥል» ይበለው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ስልክ አይሰማም። «አንዐምተ» ማለት «ጸጋ የለገስካቸው» ነው። ልጁ መጨረሻዋን «ቱ» ካደረጋት «እኔ የለገስኳቸው» ሆነች፤ ዑለማዎች ትርጉም ከሚለውጡ ግልጽ ስህተቶች ይቆጥሯታል። ቪዲዮው ግን ወደሚቀጥለው አያ ያልፋል። ልጁ ስህተቱን ሃያ ጊዜ ደግሞ ካጸናው በኋላ ማስለቀቅ ከማስተማር ይከብዳል፤ ስለዚህ ኡስታዙ ዘንድ መቅረብ ያለበት ሱራውን ከጨረሰ በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁለት ሦስት አያ እንደያዘ ነው።