በኮኪት እና በአሌክሳንድሪያ ቤት ሲከራዩ፦ ከፊርማ በፊት የሚነበቡ ሦስት አንቀጾች

የአክስቴ ልጅ በመተማዋ ኮኪት ሁለት ክፍል ቤት ሊከራይ ነውና፣ ከመፈረሙ በፊት የውሉን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው፤ ከግርጌው የምስክሮች መፈረሚያ አለው። እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የአንድ አፓርታማ ውል በደርዘን ገጾች ይቆጠራል። ሆኖም በሁለቱም አገር ተከራይን ኪሱን የሚያራግፉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቀድሞ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የማስለቀቂያ ጊዜው እና ጥገናው።

የኮኪቱ ውል ኪራዩ በወር 3,000 ብር መሆኑን ጠቅሶ «የስድስት ወር 18,000 ብር ተቀብያለሁ» ይላል። ልጁ በአራተኛው ወር ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር የቀረው 6,000 ብር ይመለስለት አይመለስለት ግን አልተጻፈም። እዚህ ቨርጂኒያ ሁለቱ ገንዘቦች ይለያያሉ፤ ኪራይ ይበላል፣ ዲፖዚት ግን ተመላሽ ነው። ዲፖዚቱ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ከለቀቁ በኋላም አከራዩ በ45 ቀን ውስጥ ይመልሳል፣ ወይም የቆረጠውን በዝርዝር ጽፎ ያሳያል። ቀለም በኑሮ ብዛት ቢደበዝዝ አይቆረጥበትም፤ የተሰበረ በር ግን ይቆረጥበታል። ክርክር እንዳይነሳም ቤቱ ሲገባበት የነበረበት ሁኔታ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጽሑፍ ይመዘገባል።

በአገራችንም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ነገር ግን አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ እና ክልሎች ለይተው በወሰኗቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ ልጁን «መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ ኮኪት ትካተት እንደሆነ ጠይቅ፤ ካልተካተተች የሚጠብቅህ ውሉ ላይ የተጻፈው ነው» አልኩት። አንድ ዓረፍተ ነገርም እንዲጨምር ነገርኩት፦ «ተከራይ አስቀድሞ አሳውቆ ከለቀቀ ያልኖረበት ወር ኪራይ በ15 ቀን ውስጥ ይመለስለታል።»

ሁለተኛው አንቀጽ «አከራይ ቤቱን በፈለገ ጊዜ ተከራይ ይለቃል» የሚል ነበር። መተማን የሚያውቅ ሰው ይህ የት ላይ እንደሚያመው አይጠፋውም። ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው ሠራተኛው፣ ከየከተማው ነጋዴው ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ያኔ ባዶ ክፍል ይወደዳል። አከራይ ነባሩን ተከራይ አስወጥቶ በተሻለ ዋጋ ለማከራየት የሚፈተነው በዚያ ሰሞን ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ደግሞ ወጥመዱ በተቃራኒው ነው። ብዙ ውሎች «ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቅህ ውሉ ይታደሳል» ይላሉ። ውሉ ጁላይ 31 የሚያልቅ ከሆነ ደብዳቤው ከጁን 1 ማለፍ የለበትም፤ በቃል ነግሬያለሁ ማለትም አያድንም። ከዚህ ለኮኪቱ ውል የወሰድኩት የቀን ቁጥር እንዲኖር፣ ቁጥሩም ሁለቱን ወገን እኩል እንዲያስር፣ ማስታወቂያውም በጽሑፍ እንዲሰጥ ነው።

ሦስተኛው «ማንኛውም ብልሽት በተከራይ ይጠገናል» የሚለው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በር፣ መስኮት፣ ወለልና ቧንቧን የመሰሉ ጥገናዎችን በተከራይ ላይ ይጥላል፤ ብልሽቱ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከመጣ ግን ተከራዩን ነፃ ያወጣዋል። «ማንኛውም» የምትለዋ ቃል ግን አከራዩ ጣሪያውንም ጭምር ልጁ ላይ እንዲጭን በር ትከፍትለታለች። በቆላው ውል በበጋ ከተፈረመ የቆርቆሮው ቀዳዳ የሚታወቀው ክረምት ሲገባ ነው። ስለዚህ በቀትር ገብቶ በርና መስኮቱን እንዲዘጋና ወደ ላይ እንዲያይ ነገርኩት፤ ሚስማሩ ዙሪያ ብርሃን ከታየ ውሃም ይገባል። ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ የውሃ መስመርም ያለፈውን ክረምት ይናገራል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ጣሪያ፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር የአከራይ ናቸው፤ ተከራይ ደግሞ ብልሽቱን ወዲያው ማሳወቅ አለበት። አከራዩ ዝም ቢል ተከራዩ ኪራዩን ኪሱ አያስቀርም፤ ለፍርድ ቤት አስይዞ ይከሳል። ለኮኪት ይህ ሩቅ ስለሆነ የሚከተለውን ጻፍን፦ «ጣሪያ፣ ግድግዳና የሽንት ቤት ጉድጓድ የአከራይ፣ ተከራይ የሰበረው ቁልፍ፣ መስታወትና ሶኬት የተከራይ ነው። አከራይ በጽሑፍ ተነግሮት በአሥር ቀን ካልጠገነ፣ ተከራይ ጠግኖ በደረሰኝ ከኪራይ ይቀንሳል።»

አከራዩ የጥገናውንና የተመላሹን ዓረፍተ ነገር ሳያንገራግሩ ተቀበሉ። ማስጠንቀቂያው ላይ ግን የጠየቅነው ሁለት ወር በዛብኝ ብለው አንድ ወር አሉ። በአንድ ወር ተስማሙ፤ በምትኩ ልጁ ከመስከረም እስከ ኅዳር ማስለቀቅ እንደማይቻል አስጻፈ።