የጣልኳቸው ናሙናዎች

በምዕራብ ኢትዮጵያ ቀይ አፈር ላይ ለተቆረጠ አንድ የመንገድ ተዳፋት የአፈር ጥናቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። በክረምት ሲናድ ሁሉም በዝናቡ አሳበበ፤ እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

እዚያ አፈሩ ከሌላ ቦታ ታጥቦ የመጣ ሳይሆን ባዛልቱ ባለበት በስብሶ የተፈጠረ ነው። ከላይ በብረት ኦክሳይድ የተሳሰረ ጠንካራ ላተራይት አለ፤ ከሥሩ ለስላሳ ቀይ ሸክላ ይከተላል። ስለዚህ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር አፈሩ ይጠነክራል ማለት አይቻልም። ከሸክላው በታች ሳፕሮላይት የምንለው ይገኛል፤ በእጅ ሲያሹት ይፈረፈራል፣ የድንጋዩን መልክ ግን አልለቀቀም። የድንጋዩ የጥንት ስንጥቆችም እንዳሉ ናቸው። ገጻቸው በጥቁር ማንጋኒዝ ተለብጦ ያብለጨልጫል፤ ሲረጥብ ያዳልጣል።

ካወጣናቸው ናሙናዎች ብዙዎቹ በእነዚህ ጥቁር ገጾች ላይ ለሁለት ተከፍለው ነበር። «በቁፋሮ የተበላሹ» ብዬ ጣልኳቸው። ሳይሰበሩ የወጡትን መርጬ፣ 38 ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው ቁራጮች ትራያክሲያል ሙከራ አሠራሁ። ውጤቱ ጥሩ ነበር። ያልተሰበሩት ስንጥቅ ስላልነበረባቸው መሆኑን አላሰብኩም፤ የእነሱን ጥንካሬ ለተዳፋቱ ሁሉ ሰጠሁት።

ቁፋሮውም በጥር ነበር። አፈሩ ከፊል ደረቅ ሲሆን በቀዳዳዎቹ የቀረው ጥቂት ውሃ ቅንጣቶቹን ስቦ ያጣብቃቸዋል። ውሃ ሲጠግብ ይህ ጉልበት ይጠፋል። ናሙናዎቹን ውሃ ሳላጠግብ፣ በነበራቸው እርጥበት ስላስፈተንኩ፣ ክረምት የሚወስደውን ጉልበት የአፈሩ ቋሚ ንብረት አድርጌ ጻፍኩት። በዚያም መሠረት ተዳፋቱ በ45 ዲግሪ ተቆረጠ።

ከተናደ በኋላ ስሄድ ጥቁሩ ገጽ ተገልጦ፣ ወደ መንገዱ 35 ዲግሪ ያህል ዘንብሎ አየሁት። ቆረጣው ከስንጥቁ ይልቅ ቀጥ ያለ በመሆኑ የስንጥቁን ጫፍ አየር ላይ አውጥቶት ነበር። ከጎኑ በእጅ ቆፍረን፣ ስንጥቁ መሐል ላይ ያለበት ሙሉ ብሎክ አወጣን። ውሃ አጥግበን በስንጥቁ ላይ ስናንሸራትተው የመያያዝ ጉልበቱ ከዜሮ ብዙም አልራቀም፤ የሰበቃ ማዕዘኑ 20 ዲግሪ ገደማ ሆነ። በ35 ዲግሪ የተኛ ገጽ በ20 ዲግሪ ሰበቃ አይቆምም። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ከላይ የነበረ የአንድ ገበሬ የቡና ማሳ አብሮ ወርዷል። ሰውየውን አግኝቻቸው ነበር፤ ጥናቱን የሠራሁት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም። ከስሌቱ ስህተት በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በቀይ አፈር ላይ የምትሠሩ ወጣት መሐንዲሶች፣ ናሙና ሲሰበርባችሁ አትጣሉት። የተሰበረበትን ገጽ ፎቶ አንሱት፣ ጥልቀቱን መዝግቡ፤ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሩና የስንጥቁን ዝንባሌ በኮምፓስ ለኩ። ቆረጣው የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ይሁን።