«ስለ ማን ነው የሚያወራው?»



ከረመዳን በፊት የሰፈራችን ወጣቶች አንድ ሥራ ሰጡኝ። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስለሚወርዱ እናቶች የአንድ ደቂቃ ተኩል ቪዲዮ ቀርጸው ነበር። ቪዲዮው ሰደቃ ለማሰባሰብ ነው። ከምስሉ ጋር የሚነበበውን ጽሑፍ «አንተ ኪታብ የቀራህ ነህ፣ ጻፍልን» አሉኝ።

እኔም እንደ ቀራሁት ጻፍኩት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፦

«በእንጦጦ ተራራ ላይ ከሚገኘውና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ሀገራችን ከገባው የባሕር ዛፍ ደን ጭራሮና ቅጠል በመሰብሰብ ኑሯቸውን የሚመሩ እናቶች በየዕለቱ ከባድ ሸክም ተሸክመው ወደ ከተማዋ ይወርዳሉ።»

ወረቀት ላይ ስህተት የለበትም። ቀድቼ ከዙሁር ሶላት በኋላ ከእነዚያው እናቶች ለአንዷ በስልኬ አሰማኋቸው። ጥሞና ሰጥተው ሰሙና «ማሻአላህ፣ ደስ ይላል። ስለ ማን ነው የሚያወራው?» አሉኝ።

ስለ እሳቸው ነበር የሚያወራው!

ቤቴ ገብቼ ቃላቱን ቆጠርኩ። «እናቶች» የሚለው ቃል የሚመጣው 19 ቃላት ካለፉ በኋላ ነው። አማርኛ ገላጩን ከስሙ በፊት፣ ግሱን ደግሞ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አንባቢ ቢጠፋበት ዓይኑን መልሶ ያነባል። አድማጭ ግን ወደ ኋላ መመለሻ የለውም፤ ተራራውን፣ ንጉሡን፣ ዛፉን ሁሉ ይዞ «ማን?» እያለ ይጠብቃል። ባለቤቱ ሲደርስ እሱ ደክሟል።

ስለዚህ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ልጆቹ በሚያወሩበት አማርኛ ጻፍኩት፦

«ማዘር በሌሊት ትነሳለች። እንጦጦን ቀጥ አርጋ ትወጣለች። ጭራሮዋን ጠፍራ፣ አዝላ ወደ ፈረንሳይ ትወርዳለች።»

ወጣቶቹ ወደዱት። አሁን ማንም «ማን?» ብሎ አይጠይቅም። እኚያ እናት ግን ሰምተው ዝም አሉ። ቆይተው «ልጄ፣ እኔ እኩያህ ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ማናችንም ቤታችን «እማዬ መጣች» እንላለን፤ ያ ፍቅር ነው። የሰው እናት ግን አንቱ ናት። ሕዝብ በሚሰማው ድምፅ «ትነሳለች፣ ትወርዳለች» ሲባል ድካሟ ሳይሆን ድህነቷ ብቻ የሚታይ ይመስላል።

ያኔ ነው ሁለት ነገሮችን አንድ አድርጌ እንደያዝኩ የገባኝ። የዓረፍተ ነገር ቅለት አንድ ነገር ነው። አክብሮት ሌላ ነገር ነው። እኔ ክብደቱን ስቀንስ አክብሮቱንም አብሬ ጣልኩት። ሦስተኛው እንዲህ ሆነ፦

«እኚህ እናታችን በሌሊት ይነሳሉ። እንጦጦ ይወጣሉ። ጭራሮና ቅጠል ይለቅማሉ። ከዚያ ያን ሁሉ አዝለው ወደ ፈረንሳይ ይወርዳሉ። ይሄ ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ የመጣ ነው።»

«ይህ» «ይሄ» ሆኗል፤ «በዘመነ መንግሥት» «በምኒልክ ጊዜ» ሆኗል፤ የዛፉ ታሪክ የራሱን ዓረፍተ ነገር አግኝቷል። አንቱታው ግን አለ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል፤ «ይነሳሉ» ለአንድ አንቱም ለብዙ ሰውም ያው ነው። «እኚህ እናታችን» ብዬ ካልጀመርኩ አድማጩ አንዲት እናት ይሁኑ ብዙ አይለይም።

ያንኑ ጽሑፍ ለነጋዴዎች ስብሰባም ጠየቁኝ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በዕድሜም በሥራም ከበድ ያሉ ሰዎች ስላሉ «ይሄ»ን ወደ «ይህ»፣ «በምኒልክ ጊዜ»ን ወደ «በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን» መለስኩ። ዓረፍተ ነገሮቹን ግን መልሼ አላስረዘምኳቸውም። ነጋዴም ቢሆን በጆሮው ነው የሚሰማው።

መዝጊያው ላይ ከልጆቹ አንዱ ጽሑፉን «ሊያከብረው» ብሎ «አላህ ልፋታቸውን ያውቃሉ» አድርጎት አገኘሁ። አንቱታ የብዙ ቁጥር መልክ ስላለው ለአላህ አንጠቀምበትም። «አላህ ያውቃል» ነው የምንለው፤ በነጠላ። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን «አሉ» እንላለን። አክብሮትም የራሱ ቦታ አለው፤ ሁሉም ግስ ላይ የሚለጠፍ አይደለም።

አሁን የሚነበብ ነገር ስጽፍ ቆሜ፣ ድምፄን አውጥቼ አነበዋለሁ። ባለቤቱ ሳይመጣ ትንፋሼ ካለቀ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ታሪኩ የሚያወራላቸው ሰው አጠገቤ ተቀምጠው ቢሰሙ ፊታቸው ምን ይመስላል ብዬ እጠይቃለሁ።

እኚያ እናት ሦስተኛውን ሲሰሙ ምንም አላሉም። ስልኩን ተቀበሉኝና ልጃቸውን ጠርተው «ና፣ ስለ እኔ ነው የሚያወራው» አሉት።