ሰላምታው የት ይግባ?

በአማርኛ የሚሠሩ ብዙ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች አጀማመራቸው ሰው ቤት እንደ መግባት ነው። መጀመሪያ ሙዚቃና ሎጎ፣ ከዚያ ረጅም ሰላምታ፣ ከዚያ «ሰብስክራይብ ማድረጋችሁን እንዳትረሱ»፣ ከዚያ መግቢያ። ትምህርቱ ገና በር ላይ ቆሟል። ተመልካቹ ደግሞ ዳታው እየተቆጠረበት ነው።

የአክስቴ ልጅ ቡታጅራ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶኮፒ ቤት አለው። ቀን ደንበኛ ይዞት የመጣውን ችግር ማታ ቪዲዮ ይሠራበታል። እኔ የሶፍትዌር ሠራተኛ ስለሆንኩ «እስቲ እየው፣ ሰው ለምን ይሄድብኛል?» ብሎ አንዱን ላከልኝ። ርዕሱ ግልጽ ነው፦ ኤክሴል ላይ ቁጥሮች ደምረን ውጤቱ ዜሮ ሲሆን ምን እናደርጋለን?

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር መቁረጥ አልነበረም። የሚናገረውን ሁሉ ከነሰዓቱ ወረቀት ላይ ጻፍነው። ሎጎው 5 ሴኮንድ፤ ሰላምታው እስከ 20ኛው፤ ሰብስክራይብ እስከ 31ኛው፤ «ኤክሴል ማለት...» የሚለው እስከ 58ኛው። ዜሮዋ ስክሪን ላይ የታየችው 58ኛው ሴኮንድ ላይ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ ጠየቅን፦ ድምሩ ዜሮ የሆነበት ሰው ይሄን ሲሰማ «አዎ፣ የኔ ችግር ይሄ ነው» ይላል? ከ58ኛው ሴኮንድ በፊት አንድም አልተገኘም።

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው፣ ተመልካች እስከየት እንደቆየ የሚያሳየው ግራፍም ይህንኑ ይናገር ነበር። መስመሩ ሰላምታው ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ 58ኛው አካባቢ ግን ትንሽ ጉብታ አለች። ጉብታ ማለት ሰዎች ወደዚያ ዘለው መጥተዋል ወይም መልሰው አይተውታል ማለት ነው። እናንተም እንዲህ ዓይነት ጉብታ ካያችሁ፣ ተመልካቾቻችሁ የቪዲዮውን ትክክለኛ መጀመሪያ ራሳቸው ፈልገው አግኝተውታል።

ግን የአክስቴ ልጅ ተከራከረ። «ሰላም ሳልል ወሬ ልጀምር? ታላላቆች እኮ ያዩኛል!» ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ እኛ አገር ሰላምታ መዝለል ንቀት ነው። ስለ ሱቁ ጠየቅኩት፦ ደንበኛ ላፕቶፑን ወደ አንተ አዙሮ «ይሄው እምቢ አለኝ» ሲልህ ምን ታደርጋለህ? «ስክሪኑን አያለሁ» አለ። እያየም ነው «ደህና ዋልክ?» የሚለው። ሰላምታው አልቀረም፤ ቦታው ብቻ ነው የተለወጠው።

እሱ ሲናገር በ10 ሴኮንድ ከ20 ቃል ብዙም አያልፍም። ስለዚህ አዲሱን መግቢያ በሦስት ከፈልነው።

ከ0 እስከ 3 ሴኮንድ፣ ስልክ ላይ እንዲነበብ ሰንጠረዡ ቀርቦ ይታያል፤ ድምሩም ይጻፋል፦

```
=SUM(B2:B11)
```

ውጤቱ 0። ድምፁ፦ «ቁጥሮቹ አሉ፤ ድምሩ ግን ዜሮ።»

ከ3 እስከ 7፣ «ኤክሴል ቁጥሮቹን እንደ ጽሑፍ ስላያቸው ነው።» ወዲያው የተስተካከለው ድምር ይታያል።

ከ7 እስከ 10፣ «ጤና ይስጥልኝ፤ በሁለት መንገድ እናስተካክለው።»

«ምክንያቱን መጀመሪያ ከነገርኳቸው ለምን ይቆያሉ?» አለኝ። የሚቆዩት ምክንያቱን ማወቅ ብቻውን ስለማይፈታላቸው ነው። ወደ ግራ የተጠጉትን ቁጥሮችና አረንጓዴዋን ምልክት ማየት፣ ከዚያ Convert to Number የሚለውን የት እንደሚጫኑ ማወቅ ይፈልጋሉ። መግቢያው ችግሩንና ውጤቱን ያሳያል፤ መንገዱ ለቪዲዮው ይቀራል።

ይህ ሁሉ ግን መስመሩን ጠፍጣፋ አያደርገውም። ሌላ ነገር ፈልጎ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ይሄዳል፤ ይሂድ፣ ጊዜውን አተረፍንለት። መታየት ያለበት ከ10ኛው ሴኮንድ በኋላ ያለው ነው። እዚያ መስመሩ ከረጋ ጥሩ። አሁንም በፍጥነት ከወረደ፣ መግቢያው ቃል የገባው ነገር ቶሎ አልመጣም ማለት ነው፤ ለምሳሌ ከ«እናስተካክለው» በኋላ የኤክሴል ታሪክ ተመልሶ ገብቶ ይሆናል። ንጽጽሩም ተመሳሳይ ርዝመት ካላቸው የራሳችሁ ቪዲዮዎች ጋር ይሁን።

ዩቲዩብ ላይ አንዴ የተጫነ ቪዲዮን በአዲስ ፋይል መተካት አይቻልም፤ ስቱዲዮው ውስጥ ባለው ኤዲተር መቁረጥ ግን ይቻላል፤ ሊንኩም፣ ኮሜንቶቹም ይቆያሉ። ስለዚህ አዲሱ መግቢያ ለሚቀጥለው ቪዲዮ ሞዴል ሆነ። ከአሮጌው ላይ የመጀመሪያዎቹን 58 ሴኮንዶች ቆረጥን። አሁን የሚጀምረው «እዚህ ጋ እንደምታዩት ድምሩ ዜሮ ነው» ብሎ ነው።