ሁለተኛው ጥያቄ

«ሁለት ኪዩቢት አቆራኘን» ብሎ ማውራት ዛሬ ቀላል ነው። አይቢኤም በ2016 (እ.ኤ.አ.) አምስት ኪዩቢት ያላትን ማሽን በኢንተርኔት ለሕዝብ ከከፈተ ወዲህ፣ ላፕቶፕና ትዕግሥት ያለው ሁሉ ካለበት ሆኖ የኳንተም ሰርኪዩት መሥራት ይችላል። እኛም ሦስት ጓደኛሞች ሠርተናል። የከበደን ሌላ ነገር ነው፤ በስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር በእርግጥ ቁርኝት መሆኑን ለማያምን ሰው ማሳየት። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚያ ነው።

ከሥራው እንጀምር። ኪዩቢት ስትለካው 0 ወይም 1 ብቻ ነው የሚመልስልህ። ከመለካቱ በፊት ግን የሁለቱ ድብልቅ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሁለት ኪዩቢቶችን ለማቆራኘት ሁለት ጌት ይበቃል። የመጀመሪያው `h` ይባላል፤ 0 ላይ ያለውን ኪዩቢት ወስዶ ብንለካው እኩል በእኩል 0 ወይም 1 በሚሰጥበት ሁኔታ ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው `cx` ነው፤ የመጀመሪያው ኪዩቢት 1 ከሆነ ሁለተኛውን ይገለብጠዋል፣ 0 ከሆነ ግን አይነካውም። በኪስኪት ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```python
from qiskit import QuantumCircuit
qc = QuantumCircuit(2)
qc.h(0)
qc.cx(0, 1)
qc.measure_all()
```

በእጃችሁ ተከተሉት። ሁለቱም ከ0 ይነሳሉ። ከ`h` በኋላ የመጀመሪያው ኪዩቢት የ0 እና የ1 ድብልቅ ይሆናል፤ ሁለተኛው ገና 0 ነው። `cx` ሲመጣ፣ የመጀመሪያው 0 በሆነበት ክፍል ሁለተኛው 0 እንደሆነ ይቀራል፣ የመጀመሪያው 1 በሆነበት ክፍል ደግሞ ሁለተኛውም 1 ይሆናል። የቀሩን 00 እና 11 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሰርኪዩቱን በሲሙሌተር ሺህ ጊዜ ብናስኬደው፣ ለምሳሌ 00 507 ጊዜ፣ 11 ደግሞ 493 ጊዜ ይመጣል። 01 እና 10 ጭራሽ የሉም። አምስት መቶ፣ አምስት መቶ ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ሺህ ጊዜ በተወረወረ ሳንቲም ላይ ወደ 16 ገደማ ከፍና ዝቅ ማለት የተለመደ ነው። እንዲያውም በየጊዜው ልክ 500 የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ እሱን ጠርጥሩ።

ሁለት ዘንጎች ብቻ ያሉት ግራፍ ያምራል። እኛም ለአንድ በኦዲተርነት ለሚሠራ ወዳጃችን በኩራት አሳየነው። አየው፣ ቡናውን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«ይህን እኔ ያለ ኮምፒውተር እሠራላችኋለሁ። ሳንቲም ልወርውር። ዘውድ ከሆነ ሁለት ወረቀት ላይ 0 እጽፋለሁ፣ ጎፈር ከሆነ ሁለቱም ላይ 1። እያንዳንዱን በየፖስታው አሽጌ አንዱን ለአንተ፣ አንዱን ለእሱ እሰጣለሁ። ሺህ ጊዜ ብትከፍቱ የምታገኙት ያው ነው፤ ግማሹ 00፣ ግማሹ 11። ታዲያ ቁርኝት የምትሉት የቱ ጋ ነው ያለው?»

ኦዲተር ለምን እንደሚፈራ ያን ጊዜ ገባን። ምክንያቱም የተናገረው ትክክል ነው። ያ ግራፍ ሁለቱ ኪዩቢቶች እንደሚስማሙ ይነግረናል፤ ስምምነቱ ግን ከቁርኝት ይምጣ ወይም አስቀድሞ በፖስታ ታሽጎ ይምጣ ከግራፉ ላይ መለየት አይቻልም። የፖስታውን ሰው ለመያዝ ያላዘጋጀበትን ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ አጭር ነው። ያንኑ ሰርኪዩት እንሠራለን፤ ከመለካታችን በፊት ግን በእያንዳንዱ ኪዩቢት ላይ አንድ `h` እንጨምራለን፦

```python
qc = QuantumCircuit(2)
qc.h(0)
qc.cx(0, 1)
qc.barrier()
qc.h(0)
qc.h(1)
qc.measure_all()
```

`barrier` የሚለው መስመር አጥር ነው፤ ኮዱ ለማሽኑ ሲዘጋጅ የሚያሳጥረው ፕሮግራም የዝግጅቱንና የልኬቱን ጌቶች እንዳይቀላቅልብን ያግዳል።

አሁን የወዳጃችን ፖስታዎች በዚህ መንገድ ሲያልፉ ምን ይሆናሉ? ፖስታው ውስጥ ያለው ወይ 0 ነው ወይ 1። `h` ደግሞ የተወሰነ ነገር ሲያገኝ እኩል በእኩል የዕድል ነገር ያደርገዋል፤ 0 ቢገባ ግማሽ በግማሽ፣ 1 ቢገባም ግማሽ በግማሽ። በሁለቱ ፖስታዎች ላይ ይህ ለየብቻ ስለሚሆን ስምምነታቸው ይጠፋል። አራቱም ውጤቶች፣ ማለትም 00፣ 01፣ 10 እና 11፣ እያንዳንዳቸው 250 ገደማ ይመጣሉ። ይህን መሞከር አያስቸግርም፤ 500 ጊዜ ኪዩቢቶቹን 00 ላይ፣ 500 ጊዜ ደግሞ በ`x` ጌት ገልብጦ 11 ላይ አዘጋጅቶ፣ ሁለት `h` አሳልፎ ለክቶ፣ ቆጠራውን መደመር ነው።

የተቆራኙት ኪዩቢቶች ግን አሁንም 00 እና 11 ብቻ ነው የሚመልሱት! ለምን? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። በኳንተም ሂሳብ እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ክብደት አለው፤ ክብደቱ ደግሞ ፕላስ ወይም ማይነስ ሊሆን ይችላል። 00 የሆነው ክፍል ሁለቱን `h` ሲያልፍ ለአራቱም ውጤቶች እኩል የፕላስ ክብደት ይሰጣል። 11 የሆነው ክፍል ለ00 እና ለ11 ፕላስ፣ ለ01 እና ለ10 ግን ማይነስ ይሰጣል። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ላይ ስላሉ ክብደታቸው ይደመራል፤ በ01 እና በ10 ላይ ፕላሱና ማይነሱ ይጣፋሉ፣ በ00 እና በ11 ላይ ይደጋገፋሉ። በፖስታው ጨዋታ ግን በእያንዳንዱ ዙር ያለው ወይ 00 ብቻ ነው ወይ 11 ብቻ። የሚያጣፋው ሌላ ክፍል የለም። ቁርኝት የሚታየው እንግዲህ በዚህ መጣፋት ነው።

ይህን ወደ አንድ ቁጥር ማምጣት ይቻላል። በእያንዳንዱ ግራፍ ላይ የተስማሙትን (00 እና 11) ደምረን፣ ያልተስማሙትን (01 እና 10) ቀንሰን ለጠቅላላው እናካፍል። ፖስታዎቹ በመጀመሪያው ጥያቄ 1፣ በሁለተኛው 0 ያመጣሉ፤ ድምሩ 1። ፍጹም የተቆራኙት በሁለቱም 1 ያመጣሉ፤ ድምሩ 2። ማይነስ የመጣ እንደሆነ ምልክቱን ትተን እንደምራለን። ሕጉም ይኸው ነው፦ ያልተቆራኙ ሁለት ኪዩቢቶች፣ ማንም በምንም ዘዴ ቢያዘጋጃቸው፣ ድምራቸው ከ1 አይበልጥም። አንድ ኪዩቢት ለብቻው ሆኖ ለአንዱ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ በያዘ መጠን ለሌላው መልሱ የዕድል ነገር ይሆናልና።

ወደ እውነተኛ ማሽን ስንሄድ ይህ ቁጥር ይበልጥ ያስፈልጋል፤ እዚያ ንጹሕ ግራፍ የለም። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ውጤት እንውሰድ። በመጀመሪያው ጥያቄ ከሺሁ 952 ተስማሙ፣ 48 አልተስማሙም፤ ቁጥሩ 0.904 ነው። በሁለተኛው 938 ተስማሙ፣ 62 አልተስማሙም፤ ቁጥሩ 0.876 ነው። ድምሩ 1.78። ሺህ ጊዜ በመለካት ብቻ የሚመጣው መወዛወዝ 0.02 ገደማ ስለሆነ ከ1 በላይ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ሁለት ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ሊያዝን ይችላል፤ የፖስታው ሰው ግን ከጨዋታ ወጥቷል።

እነዚያ 48 ያልተስማሙት ከየት መጡ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቁርኝቱ አይደለም፤ የንባቡ ነው። ማሽኑ 1ን አንብቦ 0 ሊል ይችላል። በተለይ 1 ላይ ያለ ኪዩቢት ከመነበቡ በፊት ወደ 0 ሊወርድ ይችላል። ለመለየት ያለ ምንም ቁርኝት 00 አዘጋጅቶ ማንበብ፣ ከዚያም 11 አዘጋጅቶ ማንበብ ነው። በመጀመሪያው ከሺህ 20፣ በሁለተኛው 60 ያልተስማሙ ከመጡ አማካዩ 40 ነው። ከ48ቱ አብዛኛው የንባብ ስህተት ነበር ማለት ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ከመጡት 62 ላይ 40ውን ብናነሳ ግን ሃያ ገደማ ይተርፋል፤ እሱን በጌቶቹና በኪዩቢቶቹ ላይ መፈለግ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራው በመጀመሪያው ግራፍ ላይ ጭራሽ የማይታየው ጥፋት ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ፕላስ ወደ ማይነስ ቢገለበጥ (ከ`cx` በኋላ `qc.z(0)` ብላችሁ ሆን ብላችሁ መሞከር ትችላላችሁ) የመጀመሪያው ግራፍ ንቅንቅ አይልም፤ 00 እና 11፣ ግማሽ በግማሽ። በሁለተኛው ጥያቄ ግን የሚመጡት 01 እና 10 ብቻ ይሆናሉ። ቁርኝቱ አለ፣ ያዘዝነው ግን እሱ አይደለም። ምልክቱ በየዙሩ እንደ ዕድል የሚገለበጥ ከሆነ ደግሞ መጣፋቱ ይበላሻል፣ ሁለተኛው ግራፍ ወደ አራት እኩል ዘንጎች ይወርዳል፣ ቁርኝቱም ያልቃል። የኦዲተሩ ፖስታዎች የሆኑትን ኪዩቢቶች የመጀመሪያው ግራፍ ግን አሁንም እንዳማረበት ነው።

የዚህ ፈተና ወሰን መታወቅ አለበት። ማሽኑ `h` ሲባል በእርግጥ `h` እንደሚሠራ አምነን ነው የተነሳነው። ማሽኑን ራሱን የማያምን ሰው ጠንከር ያለ ፈተና ያስፈልገዋል፤ ጆን ቤል በ1964 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መንገድ ለዚያ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) አላን አስፔ፣ ጆን ክላውዘርና አንቶን ሳይሊንገር የኖቤል ሽልማት የተጋሩትም በተቆራኙ ፎቶኖች ላይ በሠሯቸው በዚሁ መስመር ባሉ ሙከራዎች ነው።

ወዳጃችን ሁለቱን ግራፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የእሱንም ፖስታዎች አራት ዘንግ ሲያወጡ አይቶ፣ «እሺ፣ ይሄኛውን በሳንቲም አልሠራውም» ብሎ ፈረመልን። እናንተም ከእንግዲህ 00 እና 11 ብቻ ያለበት ያማረ ግራፍ ይዞ «አቆራኘሁ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ ከ`h` በኋላ ያለውን ግራፍ አምጣ በሉት።