ሁለት ድርጅቶች፣ አንድ ሠራተኛ፦ በኤጀንሲ የሚቀጠር ሰው አሠሪው ማን ነው?

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ትልልቅ ከተሞች በባንክ ቅርንጫፎች፣ በፋብሪካዎችና በሕንፃዎች በር ላይ የሚቆሙት የጥበቃ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ቢሮዎቹን የሚያጸዱት ሠራተኞች፣ በርካቶቹ የሚሠሩበት ድርጅት ቅጥረኞች አይደሉም። የቀጠራቸውና ደመወዛቸውን የሚከፍላቸው አንድ ኤጀንሲ ሲሆን፣ በየዕለቱ የሚያዛቸው፣ የመግቢያ ሰዓታቸውን የሚቆጣጠረውና ሥራቸው የሚጠቅመው ግን ሌላ ድርጅት ነው። በተለምዶ «አውትሶርስ» የሚባለው ይህ አሠራር ደመወዝ በወቅቱ እስከተከፈለ ድረስ ብዙም ጥያቄ አያስነሳም። ደመወዝ ሲቋረጥ፣ ሠራተኛው ሲጎዳ ወይም «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ሲባል ግን ሁለቱ ድርጅቶች እርስ በርሳቸው መጠቋቆም ስለሚጀምሩ፣ በሕግ ፊት አሠሪው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ የሠራተኛውን ዕጣ የሚወስን ይሆናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ኤጀንሲዎች የሚሰጡ ሁለት ዓይነት አገልግሎቶችን ለይቶ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ሥራ ፈላጊንና ቀጣሪን የማገናኘት አገልግሎት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ኤጀንሲው የቅጥር ውሉ ተዋዋይ ስላልሆነ ሁለቱን ወገኖች ካገናኘ በኋላ ከመካከላቸው ይወጣል። ሁለተኛው ደግሞ ኤጀንሲው ራሱ ከሠራተኛው ጋር የሥራ ውል ተዋውሎ፣ በራሱ ሥልጣን ሥር ያለውን ሠራተኛ ለአገልግሎት ተጠቃሚው ድርጅት የሚያሰማራበት ነው። በሁለተኛው ዓይነት ተዋዋዩ ኤጀንሲው በመሆኑ፣ በመነሻው የአሠሪነት ግዴታ፣ ማለትም ደመወዝ የመክፈል፣ የዓመት ፈቃድ የመስጠት፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ቀንሶና ከራሱ 11 በመቶ ጨምሮ የጡረታ መዋጮ የማስገባት፣ እንዲሁም የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ሕጉ የሚያዘውን የመክፈል ግዴታ የሚያርፈው በኤጀንሲው ላይ ነው።

ይሁን እንጂ የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 4 የሥራ ውል ተመሥርቷል የሚባለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ በአሠሪው መሪነት ሥራ ለመሥራት ሲስማማ መሆኑን ይደነግጋል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ በተራ ቅጥር ውሉን የፈረመው፣ ደመወዙን የሚከፍለውና ሥራውን የሚመራው አንድ ወገን ሲሆን፣ በኤጀንሲ ቅጥር ግን ፊርማውና ክፍያው ከአንዱ፣ አመራሩ ከሌላው ዘንድ ይገኛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 ይህን መከፋፈል ከግምት በማስገባት፣ በአንቀጽ 12 ላይ አባል አገሮች በኤጀንሲውና በተጠቃሚው ድርጅት መካከል የሥራ ሰዓትን፣ ዝቅተኛ ደመወዝን፣ ማኅበራዊ ዋስትናን፣ የሥራ ላይ ደኅንነትንና የጉዳት ካሳን የመሳሰሉ ኃላፊነቶች የየትኛው ወገን እንደሆኑ በሕጋቸው መሠረት ወስነው እንዲያከፋፍሉ ያዛል። በአዋጁ ውስጥ የሚገኘው ትርጓሜ ግን ኤጀንሲው ምን እንደሆነ ከመግለጽ አልፎ ይህን ዝርዝር ክፍፍል አይሰጥም።

በተግባር ክፍተቱን የሚሞላው ሁለቱ ድርጅቶች የሚፈራረሙት የአገልግሎት ውል ነው። በዚህ ውል ውስጥ «ከሠራተኞች ለሚነሳ ማናቸውም ጥያቄ ኃላፊነቱ የኤጀንሲው ብቻ ነው» የሚል አንቀጽ ማስገባት የተለመደ ነው። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1952 እንደሚለው ውል በመርህ ደረጃ ውጤት የሚኖረው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ ነው። ስለሆነም ይህ አንቀጽ ተጠቃሚው ድርጅት የከፈለውን ከኤጀንሲው ለማስመለስ ይጠቅመው ይሆናል እንጂ፣ ውሉን ያልፈረመውን ሠራተኛ በሕግ የተሰጠውን መብት ሊያሳጣው አይችልም።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ለአራት ዓመታት የጠበቀ፣ በወር 4,500 ብር፣ ማለትም በቀን በአማካይ 150 ብር ከኤጀንሲ የሚከፈለው ሠራተኛ አለ እንበል። በቅጥር ደብዳቤው ላይ «ይህ ውል ኤጀንሲው ከደንበኛው ጋር ያለው የአገልግሎት ውል እስከሚያበቃ ድረስ ይጸናል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰፍሯል። ባንኩ የአገልግሎት ውሉን ሳያድስ ሲቀር፣ ኤጀንሲው ለሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ውሉ በራሱ ጊዜ አብቅቷል ብሎ ያሰናብተዋል፤ ባንኩም በበኩሉ ሠራተኛውን እንደማያውቀው ይገልጻል።

የኤጀንሲው ክርክር ውሉ ለተወሰነ ሥራ የተደረገ ስለሆነ ሥራው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል የሚል ነው። ሆኖም አዋጁ በአንቀጽ 9 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ የሚገምት ሲሆን፣ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ የሚደረግ ውል የሚፈቀደው በአንቀጽ 10 ተለይተው በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ነው። የኤጀንሲው የዘወትር ሥራ የጥበቃ ሠራተኛ ማሰማራት በመሆኑ፣ አንድ ደንበኛ መሄዱ ያንን ሥራ አያስቀረውም። የደንበኛው መቅረት የሥራ መቀነስን አስከትሎ ከሆነም፣ ይህ በአንቀጽ 28 መሠረት በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ምክንያት ሊሆን ይችል እንደሆነ እንጂ፣ ውሉ ያለ ምንም ሥርዓት በራሱ እንዲቋረጥ የሚያደርግ አይደለም። የደንበኛን ውል ማጣት የንግድ ሥራ አደጋ ነው፤ ይህን አደጋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ወደ ሠራተኛው ማሸጋገር የሚቻል ከሆነ ደግሞ ኤጀንሲው በአሠሪነት ስም የሚሸከመው ነገር አይኖርም።

ፍርድ ቤቱ በዚህ ትንታኔ ተስማምቶ ስንብቱን ሕገ ወጥ ነው ካለና ሠራተኛው ወደ ሥራ ካልተመለሰ፣ ስሌቱ የሚከተለውን ይመስላል። በአንቀጽ 43 የተደነገገው ካሳ የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ሲሆን 27,000 ብር ይሆናል። አገልግሎቱ ከአንድ ዓመት በላይና ከዘጠኝ ዓመት ያልበለጠ በመሆኑ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ማለትም 9,000 ብር ይታከላል። የሥራ ስንብት ክፍያው ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ለእያንዳንዳቸው የዚሁ አንድ ሦስተኛ ሆኖ ሲሰላ ሌላ 9,000 ብር ይመጣል። ድምሩ 45,000 ብር፣ ማለትም የአሥር ወር ደመወዝ ነው። ለባንኩ አነስተኛ የሆነው ይህ ገንዘብ፣ ብዙ ሠራተኞችን በአንድ ጊዜ ላሰናበተና ከአንድ ኪራይ ቢሮ በቀር ንብረት ለሌለው ኤጀንሲ ግን ከአቅም በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ፍርድ ያገኘ ሠራተኛ የሚያስፈጽምበት ሀብት ሊያጣ ይችላል።

የሥራ ሰዓት ጉዳይ ደግሞ የአመራርና የክፍያ መለያየትን ይበልጥ ያጋልጣል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ሰዓት ሲሆን፣ በቀን 12 ሰዓት ለስድስት ቀን የሚቆም ጥበቃ 72 ሰዓት ይሠራል። ትርፉ 24 ሰዓት ሲሆን፣ አዋጁ በሳምንት ከሚፈቅደው የ12 ሰዓት ጣሪያ በእጥፍ ይበልጣል። ተረኛው ሳይመጣ ሲቀር «እስኪመጣ ቆይ» የሚለው የቅርንጫፉ ኃላፊ ነው፤ የመግቢያና መውጫ ፊርማው የሚገኘውም በቅርንጫፉ መዝገብ ላይ ነው። ሠራተኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲጠይቅ ኤጀንሲው «እኛ አላዘዝንም» ይላል፤ መዝገቡን የያዘው ድርጅት ደግሞ «ከፋዮች አይደለንም» ይላል። ይሁንና በተጠቃሚው ቁጥጥር ሥር እንዲሠራ ሠራተኛውን ያሰማራው ኤጀንሲው ራሱ ስለሆነ፣ ኃላፊው ያዘዘው ሥራ ለኤጀንሲው እንግዳ ሊሆን አይገባም።

በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚነሱት የኃላፊነት መንገዶች ሁለት ናቸው። በአዋጁ መሠረት አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ስለሆነ፣ ሠራተኛው በዚህ መንገድ ኤጀንሲውን መጠየቅ ይችላል። አደጋው የደረሰው ተጠቃሚው ድርጅት ባልጠገነው ደረጃ ወይም መከለያ በሌለው ማሽን ምክንያት ከሆነ ደግሞ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሳ የመክፈል ግዴታ ስላለበት ድርጅቱን ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት መክሰስ ይቻላል። ልዩነቱ በሁለተኛው መንገድ ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም በተጎጂው ላይ መውደቁ ነው፤ ቦታውን፣ ማሽኑንና የአደጋ መዝገቡን የያዘው ግን ሌላው ወገን ነው።

ተጠቃሚው ድርጅት ራሱ አሠሪ የሚባልበት ሁኔታም አለ። ቃለ መጠይቁን ያደረገው፣ የሚቀጠረውን የመረጠው፣ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚቀጣውና የሚያሰናብተው ተጠቃሚው ሆኖ፣ የኤጀንሲው ድርሻ የደመወዝ ሰነድ ላይ ስሙን ማስፈር ብቻ ከሆነ፣ ኤጀንሲው «በራሱ ሥልጣን ሥር ያለ» ሠራተኛ አሰማርቷል ለማለት ያስቸግራል። እንዲህ ባለ ጊዜ አንቀጽ 4ን መሠረት በማድረግ ውሉ በእርግጥ የተመሠረተው ከተጠቃሚው ጋር ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩ ግን የሚያሸንፈው በማስረጃ እንጂ በአቤቱታ ብዛት አይደለም።

ሌሎች አገሮች ይህን ክርክር ለየፍርድ ቤቱ ከመተው ይልቅ በሕግ ቆርጠውታል። የሕንድ እ.ኤ.አ. የ1970 የኮንትራት ሠራተኞች ሕግ ኮንትራክተሩ ደመወዝ ሳይከፍል ሲቀር ዋናው አሠሪ እንዲከፍልና ከኮንትራክተሩ እንዲያስመልስ ደንግጎ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ በታች የሆነ የኤጀንሲ ሠራተኛ በአንድ ድርጅት ከሦስት ወር በላይ ከሠራ፣ ለሥራ ግንኙነት ሕጉ ዓላማ ተጠቃሚው ድርጅት እንደ አሠሪው ይቆጠራል። የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ማለት ተጠቃሚው ብቸኛ አሠሪ ይሆናል ማለት እንደሆነ ወስኗል። ከሁለቱ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው የሕንዱ ነው፤ ኤጀንሲውን አሠሪ አድርጎ ይተወዋል፤ ሠራተኛው ግን በባዶ ካዝና ላይ የተሰጠ ፍርድ ይዞ እንዲቀር አያስገድደውም።

ሕጉ እስኪሟላ ድረስ በኤጀንሲ የሚሠራ ሰው የቅጥርና የምደባ ደብዳቤውን፣ ደመወዙን ያስገባው ማን እንደሆነ የሚያሳየውን የባንክ መግለጫ፣ የጡረታ መዋጮው በማን ስም እንደሚገባ የሚገልጸውን ማስረጃና የሰዓት ፊርማውን ቅጂ ሊይዝ ይገባል። አሠሪው ማን እንደሆነ አጠራጣሪ ሲሆንም ሁለቱንም ድርጅቶች በአንድነት መክሰስ አንዱን መርጦ ከመሳሳት ይሻላል፤ ምክንያቱም ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል።